የማሲንግ ሞዴል ምጥጥኑን ሳይለቅ ወደ ምስል እንዲያልፍ፦ የጥልቀትና የጠርዝ ምሪት አሠራር

በቸርችል ጎዳና ዳር፣ ከማዘጋጃ ቤት ወደ ለገሃር በሚወርደው ተዳፋት ላይ፣ ጂ+14 የሆነ ቅይጥ አገልግሎት ያለው ሕንጻ እየነደፍን ነው እንበል። ከታች ሦስት ፎቅ ያለው ፖዲየም አለ፤ ከላዩ ደግሞ አሥራ ሁለት ፎቅ ያለው ታወር ተቀምጧል። ሥራው ገና ማሲንግ ላይ ስለሆነ ሞዴሉ ነጭ ሣጥን ብቻ ነው፤ መስኮትም ሆነ የግድግዳ ማልበሻ የለውም። ባለቤቱ ግን ሕንጻው በጎዳናው ላይ ምን እንደሚመስል አሁኑኑ ማየት ይፈልጋል፤ ስለዚህ የማሲንጉን ምስል ለምስል አመንጪ እንሰጠዋለን። የሚወጣው ምስል ብዙ ጊዜ ያማረ ነው። ችግሩ የሚታየው ከሞዴሉ ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ነው፤ ፖዲየሙ አጥሯል፣ ታወሩ ቀጥኖ ረዝሟል፣ ተዳፋቱ ተደልድሏል፣ የፎቆቹም ቁጥር የእኛ አይደለም።

ይህ መመሪያ ምጥጥኑ የሚለወጥበትን ምክንያትና በጥልቀት ካርታና በጠርዝ ካርታ የሚያዝበትን መንገድ በዚሁ ሕንጻ ላይ ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሁለቱ ካርታዎች ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ምትክ እንደሚያገለግል ተደርገው ይቀርባሉ። በዚህ አልስማማም፤ አንዱ የሚይዘውን ሌላው ይለቀዋል፣ በተለይም ፖዲየምና ታወር በአንድ ግድግዳ በሚገናኙበት ሕንጻ ላይ ልዩነቱ ጎልቶ ይወጣል።

የሕንጻው ልኮች

ከመጀመራችን በፊት ልኮቹን እናስቀምጥ። የፖዲየሙ ፊት በጎዳናው በኩል 40 ሜትር ነው። ግራውንዱ በላይኛው ማዕዘን 5 ሜትር ቁመት አለው፤ ከእሱ በላይ ያሉት ሁለት ፎቆች እያንዳንዳቸው 4 ሜትር ናቸው፤ ስለዚህ ፖዲየሙ በዚያ ማዕዘን 13 ሜትር ይሆናል። መሬቱ በ40 ሜትሩ ውስጥ 2 ሜትር ስለሚወርድ በታችኛው ማዕዘን ግራውንዱ 7 ሜትር ይደርሳል። ታወሩ በጎዳናው በኩል 24 ሜትር ርዝመት አለው፤ አሥራ ሁለቱ ፎቆች በ3.5 ሜትር 42 ሜትር ይሆናሉ፤ ጠቅላላው 55 ሜትር ነው። ታወሩ በላይኛው ማዕዘን ከፖዲየሙ ጋር በአንድ ልክ ይወጣል፣ በታችኛው በኩል ግን 16 ሜትር የሚሆን ቴራስ ይተዋል። ይህ የላይኛው ማዕዘን፣ ከመሬት እስከ ጣሪያ ሳይቋረጥ የሚወጣው አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ እስከ መጨረሻው ድረስ መለኪያችን ነው።

ምጥጥኑ ለምን ይለወጣል

እንደ ስቴብል ዲፊውዥን ያለ ምስል አመንጪ ምስልን መነሻ አድርጎ ሲሠራ የሚደርሰው ፒክሰል እንጂ ሞዴል አይደለም። ሣጥኑ 42 ሜትር መሆኑን የሚነግረው ነገር የለም። የተሰጠውን ምስል መጀመሪያ ይጨምቀዋል፤ ስምንት በስምንት የሆነ የፒክሰል ካሬ አንድ ሕዋስ ይሆናል። ቀጥሎም በዚያ በተጨመቀው ምስል ላይ ኖይዝ፣ ማለትም በዘፈቀደ የተበተነ ብጥብጥ፣ ይጨምርበታል፤ ከዚያ በኋላ ኖይዙን ደረጃ በደረጃ እያነሣ አዲሱን ምስል ይሠራል።

ምን ያህል ኖይዝ እንደሚጨመር የሚወስነው `strength` ወይም በአንዳንድ ፕሮግራሞች ላይ `Denoising strength` የሚባለው ቁጥር ነው። በስቴብል ዲፊውዥን 1.5 የኖይዝ አጨማመር መሠረት ይህ ቁጥር 0.4 ሲሆን የመነሻው ምስል ድምቀት በ0.65 ገደማ ተባዝቶ ይቀራል፤ 0.75 ሲሆን ግን የሚባዛው በ0.24 ገደማ ብቻ ነው፣ የተቀረው በኖይዝ ይሸፈናል። በ0.4 የሚወጣው ምስል ነጭ ሣጥን እንደሆነ ይቀራል፤ ግድግዳው ብርጭቆና ድንጋይ እንዲለብስ ወደ 0.7 እና ከዚያ በላይ መሄድ ግድ ይላል። እዚያ ሲደረስ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፉት ቀጫጭን መስመሮች ናቸው፤ የሚተርፈው በዚህ በኩል ብሩህ፣ በዚያ በኩል ጨለም ያለ ትልቅ ነገር መኖሩ ነው። ምጥጥን የሚኖረው ግን በመስመሮቹ ቦታ ላይ ነው።

የጠፋውን ቦታ አመንጪው የሚሞላው ከተማረባቸው ምስሎች ልማድና ከጻፍንለት ፕሮምፕት ነው። ባዶ ነጭ ግድግዳ በዚህ ረገድ ከሁሉ የከፋ መነሻ ነው፤ ስምንት ፎቅ ይሁን ሃያ ፎቅ የሚናገር ምልክት የለበትም። አመንጪው የለመደውን የፎቅ ቁመት ይመርጥና ፎቆቹን ይደረድራል፤ ሣጥኑም ለድርድሩ እንዲመች ይለጠጣል ወይም ይሰበሰባል። በፕሮምፕቱ ውስጥ `tower` ወይም `skyscraper` የሚል ቃል ካለ ደግሞ ወደ ቀጭንና ረጅም ይጎትተዋል። `twelve storeys` ብሎ መጻፍም አይረዳም፤ ፕሮምፕቱን የሚያነበው ክፍል ቁጥርን ቆጥሮ አያስፈጽምም።

ሦስተኛው ምክንያት የሕዋሱ መጠን ነው። ሕንጻው በምስሉ ላይ 264 ፒክሰል ብቻ ቁመት ቢኖረው አንድ ሜትር 4.8 ፒክሰል፣ የ3.5 ሜትር ፎቅ ደግሞ 17 ፒክሰል ገደማ ይሆናል፤ ይህም ሁለት ሕዋስ ማለት ነው። በሁለት ሕዋስ ውስጥ ሶሌታ፣ መስኮትና ከመስኮት በታች ያለ ግድግዳ አይለይም። ስለዚህ ሕንጻው በምስሉ ላይ ትንሽ ሆኖ በተቀመጠ ቁጥር የፎቁ ቁጥር እንደሚለወጥ አስቀድሞ መጠበቅ ይገባል።

ደረጃ 1፦ ካሜራውንና የምስሉን ልክ መወሰን

አንዳንዱ የምጥጥን ስህተት ከአመንጪው አይመጣም፤ ስለዚህ እሱን አስቀድሞ ማስወገድ ያስፈልጋል። ከስኬችአፕ የሚወጣ ምስል የመስኮቱን ቅርጽ ይከተላል። በ1600 በ900 የወጣ ምስል 640 በ768 ወደሆነ ሥራ ሲገባ `Just resize` የሚለው ምርጫ ተይዞ ከሆነ፣ አግድሙ በ0.4፣ ቁመቱ በ0.85 ይባዛል፤ ሕንጻው አመንጪው ሳይነካው ከሁለት እጥፍ በላይ ቀጥኗል ማለት ነው። መፍትሔው ገና ከሞዴሉ ሲወጣ ልኩን በመጨረሻው መጠን ማውጣት ነው። እኛ 640 በ768 እንይዛለን፤ ለስቴብል ዲፊውዥን 1.5 የሚመች ከመሆኑም በላይ ሁለቱም ቁጥሮች ለ64 ይካፈላሉ።

ካሜራውን ከሕንጻው በላይ፣ በማዘጋጃ ቤቱ በኩል፣ ከላይኛው ማዕዘን 60 ሜትር ያህል ርቆ፣ በእግረኛ ዓይን ከፍታ ያቁሙትና ወደ ለገሃር አቅጣጫ እንዲመለከት ያድርጉ። ቋሚ መስመሮች ሁሉ በምስሉ ላይ ትይዩ ሆነው ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው፤ በስኬችአፕ `Two-Point Perspective` የሚለው ምርጫ ይህንን ይሠራል፣ በብሌንደር ደግሞ ካሜራውን ቀና ሳያደርጉ `Shift Y` የሚለውን ቁጥር በመጨመር ይገኛል። ይህ ለውበት ብቻ የሚደረግ አይደለም። ቋሚዎቹ ቀጥ ካሉ በአንድ ቋሚ መስመር ላይ ያለው የፒክሰል ክፍፍል ከሜትር ክፍፍሉ ጋር በትክክል ይመጣጠናል፤ በመጨረሻ የምንለካው በዚህ ላይ ተማምነን ነው። ካሜራው ወደ ላይ ካንጋጠጠ ግን ፒክሰሉ ወደ ጣሪያው እየተጨመቀ ይሄዳል፣ ልኬቱም ትርጉም ያጣል።

የላይኛው ማዕዘን 528 ፒክሰል እንዲሆን ካሜራውን ካስተካከልን አንድ ሜትር 9.6 ፒክሰል ይሆናል። የፖዲየሙ መስመር ከመሬት 125 ፒክሰል ላይ ይውላል፤ ታወሩ 403 ፒክሰል ይይዛል፤ አንድ ፎቅም 34 ፒክሰል ገደማ፣ ማለትም ከአራት ሕዋስ ትንሽ በላይ ያገኛል። የታወሩ ፊት እየራቀ በሚሄድበት በኩል፣ 80 ሜትር ርቀት ላይ፣ ይኸው ፎቅ ወደ 25 ፒክሰል ይወርዳል፤ ሦስት ሕዋስ ነው፣ አሁንም ይበቃል። እነዚህን ቁጥሮች አንድ ወረቀት ላይ ይያዟቸው።

ደረጃ 2፦ የጥልቀት ካርታ

የጥልቀት ካርታ እያንዳንዱ ፒክሰል ከካሜራው ምን ያህል እንደሚርቅ በግራጫ ደረጃ የሚያሳይ ምስል ነው፤ የቀረበው ነጭ፣ የራቀው ጥቁር ይሆናል። ብዙዎች ይህንን ካርታ ከማሲንጉ ምስል ላይ ጥልቀትን በሚገምት ፕሮግራም ያወጡታል። ሞዴሉ በእጅ እያለ ይህ የሚያስቆጭ አሠራር ነው፤ ነጭ ሣጥን ለግምት የሚረዳ ምልክት የለውም፣ ትክክለኛው ርቀት ደግሞ በሞዴሉ ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። በቀጥታ ከሞዴሉ ያውጡት።

በብሌንደር ከ`View Layer` ገጽ ላይ `Mist` የሚለውን ያብሩ፤ ከ`World` ገጽ ላይ ደግሞ `Start` የሚለውን 20 ሜትር፣ `Depth` የሚለውን 100 ሜትር፣ `Falloff` የሚለውን `Linear` ያድርጉ። የሚወጣው ምስል የቀረበውን ጥቁር ስለሚያደርግ በ`Invert` ይገልብጡት። እዚህ ላይ ሁለት ነገሮች ይበላሻሉ። አንደኛው ክልሉ ነው፤ ለሩቁ ኮረብታ ሲባል ክልሉን 500 ሜትር ካደረጉት፣ ባለ 8 ቢት ምስል 256 ደረጃዎች ብቻ ስላሉት 40 ሜትር ጥልቀት ለያዘው ሕንጻችን 20 ደረጃ ገደማ ይደርሰዋል፤ በ100 ሜትር ክልል ግን ከ100 ደረጃ በላይ ያገኛል። ኮረብታው ይቅር። ሁለተኛው የቀለም አያያዝ ነው፤ `View Transform` የሚለው `AgX` ወይም `Filmic` ላይ እንዳለ ከተቀመጠ ካርታው ለፎቶ ተብሎ በተሠራ ኩርባ ይጣመማል፤ `Raw` ላይ ያድርጉት።

የጎረቤት ሕንጻዎችንም እንደ ሣጥን ሞዴሉ ውስጥ ማስገባት ይገባል። በካርታው ላይ ጥቁር የሆነውን ሁሉ አመንጪው እንደ ሰማይ ወይም እንደ ሩቅ ከተማ ስለሚያየው፣ ሣጥኖቹ ከሌሉ በዚያ ቦታ የራሱን ሕንጻዎች ያቆማል፤ እነሱ ረጃጅም ከሆኑ የእኛው ሕንጻ መጠን ለዓይን ይለወጣል። ተዳፋት የሆነው ጎዳናም እንደ ተዳፋት መሞዴል አለበት፤ ሕንጻውን በጠፍጣፋ መሬት ላይ አስቀምጦ ተዳፋቱን ከፕሮምፕቱ መጠበቅ ከንቱ ነው።

አሁን ካርታውን ተጠግተው ይመልከቱት። ታወሩ ከሰማዩ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ግራጫው በድንገት ወደ ጥቁር ይዘላል፤ ቴራሱ ከታወሩ ጎን ጋር የሚገናኝበትም ቦታ በግልጽ ይለያል። በላይኛው ማዕዘን ላይ ግን ፖዲየሙ የት አልቆ ታወሩ የት እንደሚጀምር ካርታው ምንም አይናገርም፤ ሁለቱ በአንድ ልክ ስለወጡ ርቀታቸው አንድ ነው፣ ግራጫውም አንድ ወጥ ነው። ግድግዳው መሬት የሚነካበትም መስመር እንዲሁ ደካማ ነው፤ የግድግዳው እግርና አጠገቡ ያለው አስፋልት እኩል ይርቃሉ፣ ስለዚህ ግራጫው ሳይዘል አቅጣጫውን ብቻ ይቀይራል። ሁለቱ ለእኛ ዋና የሆኑ መስመሮች፣ የፖዲየሙ ልክና የተዳፋቱ መስመር፣ በጥልቀት ካርታው ላይ የሉም ማለት ይቻላል። የሶሌታዎቹም መስመሮች በዚሁ ምክንያት አይታዩም።

ደረጃ 3፦ የጠርዝ ካርታ

የጠርዝ ካርታ በጥቁር መደብ ላይ የተሰመሩ ነጭ መስመሮች ነው። በተለምዶ `Canny` በሚባለው ዘዴ ከምስሉ ላይ ይወጣል፤ ዘዴው የብርሃን ልዩነት በሚበዛበት ቦታ ላይ መስመር ያሰምራል። በማሲንግ ምስል ላይ ይህ ዘዴ ሁለት ስህተት ይሠራል። የሁለት ነጭ ግድግዳዎች ብርሃን ከተቀራረበ በመካከላቸው ያለውን ማዕዘን ይዘለዋል፤ ጥላ ካለ ደግሞ የጥላውን ዳር እንደ ግድግዳ ዳር ያሰምረዋል። ከዚያም በምስሉ ላይ ያልነደፍነው ሰያፍ ግድግዳ ይበቅላል።

ስለዚህ እዚህም መስመሩን ከሞዴሉ በቀጥታ ማውጣት ይሻላል። በስኬችአፕ `Hidden Line` የሚለውን ስታይል ይምረጡ፣ ጥላውን ያጥፉ፣ መስመር የሚያወፍረውን `Profiles` የሚለውን ያጥፉ፣ ካሜራውን ሳያንቀሳቅሱ በዚያው ልክ ያውጡ። የሚወጣው ጥቁር መስመር በነጭ መደብ ላይ ስለሆነ መገልበጥ አለበት፤ መስመሩም አንድ ወይም ሁለት ፒክሰል ውፍረት ይበቃዋል። የጥልቀት ካርታው በብሌንደር፣ መስመሩ በስኬችአፕ የሚወጣ ከሆነ ሁለቱ ካሜራዎች አንድ መሆናቸውን አንዱን ምስል በሌላው ላይ ደርቦ ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በጥቂት ፒክሰል ከተለያዩ አመንጪው ሁለት ግድግዳ ወይም በግድግዳው ዳር ቀጭን ዓምድ ይሠራል።

ከማውጣትዎ በፊት በሞዴሉ ላይ የሚጨመሩ መስመሮች አሉ። በታወሩ በሁለቱ ፊቶች ላይ የአሥራ ሁለቱን ፎቆች ሶሌታ፣ በፖዲየሙ ላይ የሁለቱን፣ እንዲሁም የእግረኛ መንገዱን ጠርዝ ያስምሩ። መስኮት አያስምሩ፤ መስኮት ካሰመሩ ምስሉ የሚሰጥዎት ያሰመሩትን ብቻ ነው፣ ከአመንጪው የፈለግነው ሐሳብ ይቀራል። የተዳፋቱን መስመር በተለይ ይመልከቱ፦ ከ95 ሜትር ገደማ ርቀት የ2 ሜትሩ ልዩነት 12 ፒክሰል ብቻ ነው፣ አንድ ሕዋስ ተኩል። ካልተሰመረ በእርግጠኝነት ይደለደላል። ጎዳናው ዳር አንድ ሚኒባስ ታክሲ በሣጥን መልክ ማቆምም ይጠቅማል፤ ቁመቱ 2 ሜትር ገደማ የሆነ፣ ሁሉም የሚያውቀው ነገር ግራውንዱ 5 ሜትር መሆኑን ለዓይን ያስረዳል።

የጠርዝ ካርታው ድክመት ከጥልቀት ካርታው ተቃራኒ ነው። መስመር የትኛው ወገን ፊት፣ የትኛው ኋላ እንደሆነ አይናገርም። የቴራሱ ዳር መስመር የፖዲየሙ ጣሪያ ማለቂያ ሊሆን ይችላል፤ ወደ ውጭ የወጣ ሸራ ወይም በግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቀበቶ ሊሆንም ይችላል። አመንጪው ከሦስቱ የለመደውን ይመርጣል።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን በአንድ ላይ ማሠራት

ካርታዎቹን ወደ አመንጪው የሚያስገባው ኮንትሮልኔት ነው፤ በ2023 በሉሚን ዣንግ፣ በአንዪ ራኦና በማኒሽ አግራዋላ የቀረበ ዘዴ ነው። ዋናው አመንጪ ሳይነካ ይቀመጣል፤ የመጀመሪያ ግማሹ ይቀዳና ቅጂው ካርታ ማንበብን ይማራል፣ ያነበበውንም ለዋናው ይጨምርለታል። ለእኛ ጉዳይ ወሳኙ ነገር ይህ የሚሆነው ኖይዝ በሚነሣበት በእያንዳንዱ ደረጃ ላይ መሆኑ ነው። የመነሻው ምስል በመጀመሪያ አንድ ጊዜ ብቻ ገብቶ በኖይዝ ይሸፈናል፤ ካርታው ግን በየደረጃው ሳይደበዝዝ ይደርሳል። `strength` 0.75 ሆኖ እንኳ መስመሮቹ ቦታቸውን የሚይዙት በዚህ ምክንያት ነው።

የኮንትሮልኔት ፋይሎች ለአንድ የአመንጪ ዓይነት ብቻ የተሠሩ ናቸው፤ ለ1.5 የተሠራው ለኤስዲኤክስኤል አያገለግልም። ለ1.5 የምንጠቀመው እነዚህን ነው፦

```python
depth_net = ControlNetModel.from_pretrained(
    "lllyasviel/control_v11f1p_sd15_depth")
edge_net = ControlNetModel.from_pretrained(
    "lllyasviel/control_v11p_sd15_canny")
```

ሁለቱ `StableDiffusionControlNetImg2ImgPipeline` ውስጥ በአንድ ዝርዝር ተደርድረው ከገቡ በኋላ ሥራው እንዲህ ይጠራል፤ `clay` የማሲንጉ ነጭ ምስል ነው፦

```python
image = pipe(
    prompt=prompt, image=clay,
    control_image=[depth, edges],
    strength=0.75, num_inference_steps=28,
    guidance_scale=6.0,
    controlnet_conditioning_scale=[0.8, 0.5],
    control_guidance_start=[0.0, 0.0],
    control_guidance_end=[0.9, 0.6],
    generator=torch.manual_seed(7),
).images[0]
```

ካርታው ከሞዴሉ ስለወጣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን የካርታ አውጪ ማጥፋት ያስፈልጋል፤ በመስኮት በሚሠራ ፕሮግራም ላይ `Preprocessor` የሚለውን `none` ያድርጉት። አለበለዚያ ከጥልቀት ካርታው ላይ ሌላ የጥልቀት ግምት ይወጣበታል።

ቁጥሮቹን እናንብብ። 28 ደረጃ በ0.75 ሲባዛ በእርግጥ የሚሠሩት 21 ናቸው። የጥልቀት ምሪቱ በ0.8 ክብደት እስከ 18ኛው ደረጃ ድረስ ይቆያል፤ የሕንጻው አካልና የቴራሱ ሽሽት በእሱ ይያዛሉ። የጠርዝ ምሪቱ በ0.5 ክብደት ገብቶ ከ12ኛው ደረጃ በኋላ ይወጣል። ይህ መውጣት በሐሳብ የተደረገ ነው። ትልልቁ ቅርጽ የሚወሰነው ኖይዙ ገና ብዙ በሆነባቸው የመጀመሪያ ደረጃዎች ነው፤ የመጨረሻዎቹ ደረጃዎች የግድግዳውን ሸካራነት፣ የመስኮቱን ክፈፍና ነጸብራቁን ይሠራሉ። ጠርዙ እስከ መጨረሻው ከቆየ እያንዳንዱ የሶሌታ መስመር ጥቁር ቀበቶ ሆኖ ይወጣና ሕንጻው የተደረደረ ሣህን ይመስላል።

ደረጃ 5፦ መለካት

ምስሉ ሲወጣ ማማሩን ከመመልከት በፊት በማንኛውም የምስል ማረሚያ ይክፈቱትና የላይኛውን ማዕዘን ከመሬት እስከ ጣሪያ ይለኩት፤ የፖዲየሙ መስመር ከመሬት ስንት ፒክሰል ላይ እንደዋለም ይመዝግቡ። የምንጠብቀው 528 እና 125 ነው። የምቀበለው ልዩነት አንድ ሕዋስ፣ 8 ፒክሰል ነው፤ በዚህ ምስል ላይ ከአንድ ሜትር በታች መሆኑ ነው። ከዚያ በላይ የሳተውን፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለባለቤቱ አላሳይም፤ ባለቤቱ የሚያስታውሰው ያየውን ምስል ነውና።

በምሳሌ እንየው። ያለ ምንም ምሪት በ0.75 የወጣ ምስል ላይ ጣሪያው 560፣ የፖዲየሙ መስመር 104 ላይ ቢገኝ፣ ሕንጻው በ9.6 ሲካፈል ከ58 ሜትር በላይ ሆኗል፣ ፖዲየሙም ወደ 11 ሜትር ወርዷል ማለት ነው፤ ፖዲየሙ ከጠቅላላው ቁመት የነበረው ድርሻ ከ24 ከመቶ ወደ 19 ከመቶ ዝቅ ብሏል። ዓይን «ታወሩ ቀጠነ» የሚለው ይህንን ነው፣ የታወሩ ስፋት ባይነካም እንኳ።

የጥልቀት ምሪት ብቻ ሲገባ የሚጠበቀው ጣሪያው ወደ 528 መመለሱ ነው፤ ከሰማይ ጋር የሚገናኝ ዳር በካርታው ላይ ጎልቶ አለና። የፖዲየሙ መስመር ግን በማዕዘኑ ላይ ይዋልላል፤ 146 ላይ ከተገኘ ፖዲየሙ 15 ሜትር ሆኗል። ፎቆቹን በማዕዘኑ በኩል ይቁጠሩ፤ አሥራ አራት ወይም አሥር ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ የክብደት ማነስ ስላልሆነ ጥልቀቱን ወደ 1.2 ማሳደግ አያድነውም፤ በካርታው ላይ የሌለ መስመር በክብደት አይመጣም።

የጠርዝ ምሪት ብቻ ሲገባ ደግሞ 528ም 125ም በቦታቸው ይውላሉ፣ ቴራሱ ግን ይጠፋል፤ በታችኛው በኩል ከታወሩ አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ የጎረቤት ግድግዳ ይሆናል ወይም ፖዲየሙ በታወሩ ላይ የተለጠፈ ጣራ ይመስላል። ልኬቱ ትክክል፣ ሕንጻው ግን ሌላ ነው። ስለዚህ ከማዕዘኑ ልኬት በተጨማሪ የቴራሱን ሽሽት በዓይን ማረጋገጥ ያስፈልጋል።

ሁለቱም ገብተው ስህተት ከቀረ መፍትሔው እንደ ስህተቱ ዓይነት ይለያል። ፖዲየሙ ወይም ተዳፋቱ ከሳተ የጠርዙን ክብደት በ0.1 ያሳድጉ፣ ወይም የሚወጣበትን ደረጃ ከ0.6 ወደ 0.7 ያራዝሙ። አካሉ ከሳተ ጥልቀቱን ያሳድጉ። የፎቁ ቁጥር በቅርቡ ማዕዘን ትክክል ሆኖ በሩቁ ማዕዘን ከተዋሐደ ችግሩ የምሪት አይደለም፤ ፎቁ ከሦስት ሕዋስ በታች ወርዷል፣ ካሜራውን ማቅረብ ወይም የምስሉን ልክ ማሳደግ ነው መድኃኒቱ። ምስሉ ሸክላ ሞዴል መስሎ ከቀረ፣ ግድግዳው ያለ መስኮት ልሙጥ ከሆነ፣ ወይ ክብደቱ በዝቷል ወይ `strength` አንሷል፤ አንዱን ብቻ ይቀይሩ፣ `manual_seed` የሚለውን ቁጥርም ሳይለውጡ ያነጻጽሩ። ቁጥሩ ከተለወጠ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ ማወቅ አይቻልም።

ደረጃ 6፦ ማሳደግ

640 በ768 ለባለቤት የሚታይ መጠን አይደለም፤ ምስሉ በእጥፍ ማደግ አለበት። ማሳደጉ ምስሉን እንደገና በአመንጪው ውስጥ ማሳለፍ ስለሆነ፣ እስካሁን የተያዘው ምጥጥን ሊለቀቅ የሚችልበት ሁለተኛ በር ነው። `strength` ከ0.3 በላይ አይሁን፤ በ0.3 የመነሻው ድምቀት በ0.77 ገደማ ተባዝቶ ይተርፋል፣ መስመሮቹ ይቆያሉ። ካርታዎቹንም ከትንሹ ምስል አጉልተው ሳይሆን ከሞዴሉ እንደገና በ1280 በ1536 አውጥተው ያስገቡ፤ ተዳፋቱ አሁን 24 ፒክሰል፣ ቅርብ ያለው ፎቅ 67 ፒክሰል ሆኗል፣ በመጀመሪያው ዙር የተዋሐደ ሩቅ ፎቅ ካለም እዚህ ላይ ይለያያል።

ከዚያ የላይኛውን ማዕዘን እንደገና ይለኩ። የሚጠበቀው 1056 እና 250 ነው፤ የሚፈቀደው ልዩነት አሁንም 8 ፒክሰል ነው፣ በዚህኛው ልክ ግን 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ማለት ነው።